የአሥር ጃኬት ትዕዛዝ ስንት ያስወጣል?

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ጨርሳ ለመውጫ ፈተና እያጠናች ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ እኛ ቤት ቡና እየተፈላ ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺን ጥያቄ ሠርቻታለሁ፣ መልሷም ልክ ነው፣ ግን ምን እንደሠራሁ አልገባኝም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እኔም በተማሪነቴ እንደዚሁ ነበርኩ። ቁጥሩን በቁጥር አካፍዬ፣ ውጤቱን ከምርጫው ጋር አመሳክሬ፣ ከበብ አድርጌ አልፋለሁ። ነገሩ የገባኝ ሥራ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ያውም የሰው ገንዘብ ሲባክን አይቼ።

ጥያቄዋ «ምርት ሀ» እና «ምርት ለ» ስለሚባሉ ሁለት ነገሮች ነበር። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይደብረኛል። ምርት ሀ ምን ይሸታል? ማን ነው የሚሠራው? ስለዚህ ደብተሩን አጠፍኩትና የማውቀውን ቤት ሰጠኋት። ኮምቦልቻ ውስጥ መዝገቡን አንዳንዴ የማይለት አንድ የልብስ ስፌት ቤት አለ። ቁጥሮቹን ለጥያቄ እንዲመቹ ክብ ክብ አድርጌያቸዋለሁ፣ የነገሩ ቅርፅ ግን የዚያው ቤት ነው።

ጥያቄው ይኸው። ስፌት ቤቱ ሁለት ነገር ይሰፋል፤ የተማሪ ዩኒፎርምና የሆቴል ሠራተኛ ጃኬት፣ ደረቱ ላይ የሆቴሉ ዓርማ የተጠለፈበት። በዓመት 9,000 ዩኒፎርምና 500 ጃኬት ይወጣል። አንድ ዩኒፎርም 1 የማሽን ሰዓት ይወስዳል፣ አንድ ጃኬት 2። ጨርቅ፣ ቁልፍ፣ ክርና የሰፊው ክፍያ ሲደመር ለዩኒፎርሙ 580 ብር፣ ለጃኬቱ 1,310 ብር ነው። መሸጫቸው 680 እና 2,100 ብር። ከዚህ ውጭ ያለው ወጪ፣ ማለትም ለየትኛው ልብስ እንደወጣ በቀጥታ ጠቁመህ የማትለየው ኦቨርሄድ፣ በዓመት 1,200,000 ብር ነው። የእያንዳንዱ ልብስ ወጪ ስንት ነው?

በድሮው መንገድ እንጀምር። ኦቨርሄዱን በቮልዩም፣ ማለትም በሥራው ብዛት ነው የሚያከፋፍለው፤ እዚህ በማሽን ሰዓት። ዩኒፎርሙ 9,000 ሰዓት ወሰደ፣ ጃኬቱ 1,000፣ ድምሩ 10,000። 1,200,000 ለ10,000 ሲካፈል በሰዓት 120 ብር። ስለዚህ አንድ ዩኒፎርም 120 ብር ኦቨርሄድ ይሸከማል፣ አንድ ጃኬት ደግሞ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ 240። የቀጥታውን ጨምርበት፤ ዩኒፎርሙ 700፣ ጃኬቱ 1,550 ብር ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ዩኒፎርሙ በ680 ተሸጦ 20 ብር ይከስራል። ጃኬቱ በ2,100 ተሸጦ 550 ብር ያተርፋል። የስፌት ቤቱ ባለቤትም ይህንኑ ነበር የምታምነው። «ዩኒፎርሙን የምይዘው ሠራተኛ እንዳይበተንብኝ ብዬ ነው እንጂ እንጀራዬ ጃኬቱ ነው» ትለኝ ነበር። ትምህርት ቤቶች ዋጋ ሲጠይቋት ትጨምራለች፣ ሆቴል ሲመጣ ግን አሥርም ይሁን ስምንት አብሽር ብላ ትቀበላለች።

አሁን እዚህ ጋ ቆም እንበል። በሰዓት ማካፈል ምን ማለት እንደሆነ ለልጅቷ በምሳ ቤት ሒሳብ ነው ያስረዳኋት። ስድስት ሆናችሁ በላችሁ እንበል። ሒሳቡን በበላችሁት እንጀራ ብዛት እንካፈል ተባለ። አንዱ ሽሮ በሦስት እንጀራ ነው የበላው። ሌላው ክትፎ አዝዞ ግማሽ እንጀራ ነክቷል። ሽሮ የበላው የክትፎውን ሒሳብ ከፍሎ ይወጣል። ሒሳቡ ሲደመር ልክ ነው፣ አስተናጋጁም ብሩን አግኝቷል። ማን ምን እንዳስወጣ ግን ጠፍቷል። የማሽን ሰዓት እዚህ እንጀራው ነው። እንጀራው ለዋጋው ምክንያት ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረም፤ ነገር ግን ብዙውን ወጪ ያመጣው ወጡ ነው።

ታዲያ 1,200,000ው ውስጥ ምን አለ? ኤቢሲ የሚባለው መንገድ፣ ሙሉ ስሙ አክቲቪቲ ቤዝድ ኮስቲንግ፣ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ወጪውን በጅምላ ወስዶ ከማካፈሉ በፊት «ሰዎቹና ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ምን ሲያደርጉ ይውላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሮበርት ካፕላንና ሮቢን ኩፐር ሐርቫርድ ሆነው ይህን ሲያስፋፉ የተነሱበት ምክንያት፣ በፋብሪካዎች ውስጥ የእጅ ሥራ ድርሻ እየቀነሰ፣ የማዘጋጀት፣ የማዘዝና የመቆጣጠር ሥራ እየበዛ መሄዱ ነበር። ወጪው ቦታ ቀየረ፣ ማከፋፈያው ግን እዚያው ቀረ።

እኔ ኮምቦልቻ ወርጄ አንድ ሙሉ ቀን ተቀምጫለሁ። የማልረሳው ጠዋቱን ነው። ከአንድ ሆቴል የአሥር ጃኬት ትዕዛዝ ገብቷል። ቆራጩ የዩኒፎርሙን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ የጃኬቱን ፓተርን ፈልጎ አወጣ፣ በሦስት የሰውነት መጠን አስተካከለ። ጥልፍ ማሽኑ ላይ ያለችው ልጅ አራት ቀለም ክር አወጣች፣ ሌላ አራት አስገባች። የዓርማውን ፋይል ከፍላሽ ጫነች። በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞከረችው፤ የፊደሉ ጠርዝ ተጨማደደ። የክሩን ውጥረት ቀንሳ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ተስተካከለ። ሁለት ሰፊዎች እስኪጀመር ድረስ ስልካቸውን እየነካኩ ቆሙ። አንድም ጃኬት ሳይሰፋ ምሳ ሰዓት ደረሰ! ከዚያ አሥሩን ሰፍተው ሲጨርሱ ሁሉም ወደ ዩኒፎርሙ ተመለሰ፣ እንደገና ክር፣ እንደገና ፓተርን።

ዩኒፎርም ላይም ይሄው ዝግጅት አለ። ግን አንዴ ከተዘጋጀ 900 ተሰፍቶ ነው የሚቆመው። ልዩነቱ ይቺ ናት።

እንግዲህ ጥያቄውን እንቀጥለው። ኦቨርሄዱ ሲበተን አራት ሥራ ላይ ወደቀ። ማሽን ማንቀሳቀስ፣ ማለትም መብራት፣ ጥገናና የማሽን እርጅና፣ 400,000 ብር። ለአዲስ ዙር ማዘጋጀት 360,000። ዕቃ ማዘዝና መረከብ 200,000። ጥራት መፈተሽ 240,000። ደምረው፣ 1,200,000 ነው። ዩኒፎርም በአንድ ዙር 900፣ ጃኬት በአንድ ዙር 10 ይሰፋል። የዕቃ ግዢው ትዕዛዝ ለዩኒፎርም 18፣ ለጃኬት 22 ጊዜ ነበር። ፍተሻው ለሁለቱም 60፣ 60 ጊዜ ነው፤ ዩኒፎርሙ በየ150ው አንዴ ይታያል፣ ጃኬቱ በየዙሩ አንዴ ይታይና አሥሩ ፍተሻ ደግሞ ጥልፉ ተበላሽቶ ድጋሚ የታየ ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ ወጪውን የሚቀሰቅሰውን ነገር መፈለግ አለብን። ድራይቨር የሚሉት እሱን ነው። ማሽን ለማንቀሳቀስ የማሽን ሰዓት ልክ ነው፣ እዚህ ጋ የድሮው መንገድ አልተሳሳተም። 400,000 ለ10,000 ሰዓት፣ በሰዓት 40 ብር። ለማዘጋጀት ግን ሰዓት ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን የዙር ብዛት ነው። ዩኒፎርም 9,000 ለ900፣ 10 ዙር። ጃኬት 500 ለ10፣ 50 ዙር። ድምሩ 60። 360,000 ለ60 ሲካፈል አንድ ዝግጅት 6,000 ብር። ግዢው 200,000 ለ40 ትዕዛዝ፣ 5,000 ብር። ፍተሻው 240,000 ለ120፣ 2,000 ብር።

ከዚህ በኋላ ያለው ማባዛት ብቻ ነው። ዩኒፎርሙ ለማሽን 360,000፣ ለዝግጅት 60,000፣ ለግዢ 90,000፣ ለፍተሻ 120,000 ይወስዳል። 630,000 ብር። ለ9,000 ሲካፈል 70 ብር። ጃኬቱ ለማሽን 40,000፣ ለዝግጅት 300,000፣ ለግዢ 110,000፣ ለፍተሻ 120,000። 570,000 ብር። ለ500 ሲካፈል 1,140 ብር።

ከ240 ወደ 1,140 ማለት ነው።

ልጅቷ እዚህ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠች። የቀጥታውን ስንጨምር ዩኒፎርሙ 650 ሆነ፣ ጃኬቱ 2,450። ይከስራል የተባለው ዩኒፎርም 30 ብር ያተርፋል። እንጀራዬ ነው የተባለው ጃኬት በእያንዳንዱ 350 ብር ይከስራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አጠቃላይ ትርፉ አልተነካም። በድሮው መንገድ ዩኒፎርሙ 180,000 ከሰረ፣ ጃኬቱ 275,000 አተረፈ፣ የተጣራው 95,000። በኤቢሲ ዩኒፎርሙ 270,000 አተረፈ፣ ጃኬቱ 175,000 ከሰረ፣ የተጣራው አሁንም 95,000። ካዝናው ውስጥ አንዲት ብር አልጨመረም፣ አንዲት ብር አልቀነሰም። ለዚህ ነው ስህተቱ ዓመት ከዓመት ሳይታወቅ የሚኖረው፤ የዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ምንም አያሳይህም፣ ኦዲተሩም አይነግርህም፣ የምታየው የማይገባህን ነገር ብቻ ነው፤ ትርፋማ ነው ያልከው ሥራ ሲበዛ እጅህ ላይ ብር ይጠፋል።

መጠርጠሪያው ግን አለ። ስሌት ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ድርሻ ድርሻውን እዩ። ዩኒፎርሙ ከማሽን ሰዓቱ 90 በመቶውን ይወስዳል። ከዝግጅቱ ግን የሚወስደው ከ60ው 10ሩን ነው፣ 17 በመቶ ገደማ። ከግዢው 45 በመቶ፣ ከፍተሻው ግማሹን። 90 በአንድ በኩል፣ 17 በሌላ በኩል ከሆነ በሰዓት ማካፈል ውሸት እየነገረህ ነው። በተቃራኒው ዩኒፎርሙ በሁሉም ሥራ 90 በመቶ አካባቢ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ መልስ ይሰጡ ነበር። ያኔ ኤቢሲ ለመሥራት መድከም ዋጋ የለውም። አንድ ዓይነት ልብስ ብቻ የሚሰፋ ቤት ምን ያደርግለታል?

ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የማገኘው የስፌት ቤት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጨርቅ ዋጋ ነው። ልክ ናቸው፣ ጨርቁ ወጪውን ወጥሮታል። ግን ጨርቁ ቀጥተኛ ወጪ ነው፤ ለየትኛው ልብስ እንደገባ ሁሉም ያውቃል፣ ሁለቱም መንገዶች እኩል ነው የሚቆጥሩት። ሁሉም ዓይኑን ጨርቁ ላይ ሲተክል፣ የጥልፏ ልጅ ያባከነችው ጠዋት የማንም ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። መልሱን አይታ ወዲያው «ስለዚህ ጃኬቱን ማቆም አለባት» አለች። ይሄ ነው ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት፣ ከተማሪም አልፎ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። ስሌቱን በትክክል ሠርተህ ውሳኔውን ታበላሻለህ።

ቀስ ብለን እንየው። ጃኬቱ ቢቆም 1,310 የቀጥታ ወጪው አይወጣም፣ 2,100 ገቢውም አይገባም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጃኬት 790 ብር ታጣለች፣ ለ500ው 395,000 ብር። በምትኩ ኦቨርሄዱ ውስጥ የተመደበበት 570,000 ቢጠፋ ጥሩ ነበር። ግን ይጠፋል? ቆራጩ የወር ደመወዝተኛ ነው። የጥልፏ ልጅም እንዲሁ። ዕቃ ግዢውን የሚሠራው ልጅ ጃኬት ስለቆመ ደመወዙ በግማሽ አይቀነስም። ማሽኑም ያረጃል፣ ተሰፋበትም አልተሰፋበትም። ከ570,000ው ውስጥ በእርግጥ የሚጠፋው ግማሹ፣ 285,000 ነው እንበል። 285,000 ለማዳን 395,000 አጣች፣ 110,000 ብር ኪሳራ። ዓመታዊ ትርፏ 95,000 የነበረችው ሴትዮ ጃኬቱን አቁማ ኪሳራ ውስጥ ትገባለች። ማቆም የሚያዋጣው ከ395,000 በላይ ወጪ በእርግጥ የሚጠፋ ከሆነ ብቻ ነው።

ኤቢሲ ወጪው የት እንደተወለደ ነው የሚነግርህ። ሥራው ቢቆም ምን ያህሉ እንደሚጠፋ አይነግርህም። ሁለቱን ጥያቄ መለየት ያስፈልጋል። ፈተና ላይ «የአንድ ጃኬት ወጪ በኤቢሲ ስንት ነው» ከተባለ መልሱ 2,450 ነው፣ አለቀ። «ድርጅቱ ጃኬቱን ማምረት ያቁም ወይ» ከተባለ ግን 2,450ን ይዞ መልስ መስጠት አይቻልም። የሚጠፋው የትኛው ወጪ እንደሆነ መጠየቅ አለብህ።

«እና ምን ይጠቅማል ታዲያ?» አለችኝ፣ ትንሽ ተናዳ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የ1,140ውን ብር ሆድ እንክፈተው። 80ው የማሽን ነው። 600ው የዝግጅት። 220ው የግዢ። 240ው የፍተሻ። ከግማሽ በላይ የሆነው ዝግጅቱ ነው፣ እሱም 6,000 ብር ለ10 ጃኬት ስለተካፈለ ነው 600 የሆነው። ጃኬቱን ራሱን እየው፤ ጨርቁ ደህና፣ ስፌቱ ደህና፣ ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው። በጃኬቱ ላይ ምንም ችግር የለም። ውዱ አሥር አሥር አድርጎ መቀበሉ ነው።

በአንድ ዙር 50 ቢሰፋስ? 6,000 ለ50፣ በጃኬት 120 ብር። ሌላውን ሁሉ እንዳለ እንተወው፣ ምንም እንኳ ግዢውና ፍተሻውም አብሮ መቀነሱ የማይቀር ቢሆንም። ወጪው ከ2,450 ላይ 480 ቀንሶ 1,970 ይሆናል። በ2,100 ሲሸጥ 130 ብር ያተርፋል። ያው ጃኬት፣ ያው ዋጋ፣ ያው ሰፊ። የድሮው መንገድ ይህን ማሳየት አይችልም። በእሱ ቋንቋ አሥር ጃኬትም ሃምሳ ጃኬትም እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ነው፣ ስለዚህ 240 ብር።

እዚህም ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔ ራሴ ገብቼበታለሁ። 500ው ጃኬት በ50 ሳይሆን በ10 ዙር ቢያልቅ 40 ዝግጅት ይቀራል። 40 በ6,000፣ 240,000 ብር ተረፈ ብሎ መደሰት ይመጣል። አልተረፈም። ሰዎቹ አሁንም ደመወዝ ይበላሉ። የተረፈው ጊዜ ነው፣ ብሩ የሚመጣው በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ ሲገባ ወይም በእርግጥ የሚቀነስ ወጪ ሲኖር ነው። እኔ በመጀመሪያ ዓመት ለባለቤቷ «ይህን ያህል ታተርፊያለሽ» ብዬ ጽፌ ሰጥቻት፣ በዓመቱ መጨረሻ «ብሩ የታለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጥልፏ ልጅ ከሰዓት በኋላ እየቦዘነች ነበር። ሌላ የጥልፍ ሥራ ፈልገን ስናስገባ ነው ቁጥሩ እውነት የሆነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር ልጨምር። 6,000ው ራሱ የተገኘው የተሠራውን 60 ዙር አካፍለን ነው። ሰዎቹ በዓመት 75 ዙር ማዘጋጀት ይችሉ ነበር እንበል። ታዲያ ትክክለኛው የአንድ ዝግጅት ዋጋ 360,000 ለ75፣ 4,800 ብር ነው። የቀረው 72,000 ማንም ያልተጠቀመበት ጊዜ ዋጋ ነው፣ ለብቻው ተጽፎ ባለቤቷ ታየው፤ ጃኬቱ ላይ መጫን የለበትም። ካልሆነ ሥራ በቀነሰ ቁጥር የአንዱ ዝግጅት ዋጋ ይወጣል፣ ዋጋ ስትጨምሪ ደንበኛ ይሸሻል፣ ዙሩ ያንሳል፣ ዋጋው እንደገና ይወጣል። ይህን ሲደርስበት ያየሁት ነጋዴ አለ። የፈተና ጥያቄ ግን ስለ አቅም ካልነገረህ በተሠራው ነው የምታካፍለው፣ እዚያ ላይ አትፈላሰፍ።

ስለ ፈተናው ካነሳን፣ ልጅቷ ደብተር ውስጥ ያየኋቸው ስህተቶች የብዙ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ዝግጅቱን 360,000 ለ9,500 ልብስ ማካፈል ነው። በልብስ 37.89 ብር ይመጣል፣ መልስ ይመስላል፣ ግን የድሮውን መንገድ በሌላ በር መልሶ ማስገባት ነው። ድራይቨሩ ዙር ከሆነ በዙር ነው የሚካፈለው፣ በልብስ የሚካፈለው መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛው የዙር መጠንን እንደ ዙር ብዛት መውሰድ ነው። ጥያቄው «በአንድ ዙር 900፣ በአንድ ዙር 10» ሲል 900 እና 10ን ደምሮ በ910 የሚያካፍል አለ። ያኔ ዝግጅቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዩኒፎርሙ ላይ ይወድቃል፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆናል። በብዛት የሚመረተው ቀላል ልብስ ወጪው ከጨመረ፣ ትንሿና አስቸጋሪዋ ከቀነሰች፣ ቆም በሉና ይህን ስህተት ፈልጉ። ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነው። በተረፈ 630,000 እና 570,000ን ደምሮ 1,200,000 መምጣቱን ማየት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ከምርጫዎቹ መካከል ደግሞ 240 እንደማይጠፋ እወራረዳለሁ፤ በድሮው መንገድ ሠርቶ ለሚመጣ ሰው የተቀመጠ ነው።

እውነተኛው ቤት ከጥያቄው የሚለይበትን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጥያቄው ላይ 360,000 ተብሎ ተሰጥቶናል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ማንም አልሰጠኝም። «ከቀንህ ስንቱ ለዝግጅት ይሄዳል?» ብዬ ቆራጩን ጠየቅኩት። «ሠላሳ በመቶ ለዝግጅት፣ ሰባው ለመቁረጥ» አለኝ። ልብ በሉ፣ መቶ ሞላ። ሻይ የጠጣበት፣ ጨርቅ እስኪመጣ የቆመበት፣ የትም አልገባም። ሰው ስለ ሥራው ሲጠየቅ ቦዝኜ ነበር አይልም። ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ ለሁለት ሳምንት የጀመረበትንና የጨረሰበትን ሰዓት በወረቀት አስጻፍኩት። አሰልቺ ነው፣ ግን ኤቢሲ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በማካፈሉ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። የቤት ኪራዩና የዘበኛው ደመወዝ ደግሞ ከአራቱም ሥራ አንዱ ላይ አይገቡም። ዙር ቢበዛም ቢያንስም ኪራዩ ያው ነው። እነሱን በግድ ድራይቨር ፈልጎ መለጠፍ ክትፎውን እንደገና በእንጀራ ማካፈል ነው፤ እኔ ለብቻቸው ነው የማስቀምጣቸው፣ ሁለቱም ልብሶች ተባብረው የሚሸፍኗቸው ወጪ ብዬ።

ሪፖርት ላይስ? በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ምክንያት አይኤፍአርኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ የሚመለከተው ድርጅት ላይ ከሆናችሁ፣ የመጋዘን ዕቃ ዋጋ የሚተመነው ከደረጃዎቹ አንዱ በሆነው በአይኤኤስ 2 ነው። እሱ ኤቢሲን አይከለክልም፣ አያስገድድምም፤ የማምረቻ ኦቨርሄዱ ሥርዓት ባለው መንገድ እንዲመደብ፣ ቋሚው ደግሞ በመደበኛ የማምረት አቅም እንዲካፈል ነው የሚጠይቀው። ለዋጋ ውሳኔ ብላችሁ ደንበኛ ጋ የተመላለሳችሁበትን የሽያጭ ወጪ ጃኬቱ ላይ ብትጨምሩ ለራሳችሁ ትክክል ነው፣ መጋዘን ላለው ጃኬት ዋጋ ግን አይገባም። ሁለት ወረቀት ነው የሚያስፈልገው፣ አንዱ ለባለቤቷ፣ አንዱ ለሪፖርቱ።

ባለቤቷ በመጨረሻ ጃኬቱን አላቆመችም፣ ዋጋውንም በደፈናው አልጨመረችም። የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀቷ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። ጃኬት 1,950 ብር፣ ከሥሩ ደግሞ «ማዘጋጃ፣ በአንድ ትዕዛዝ 6,000 ብር»። አሥር የሚያዝ ሰው 25,500 ይከፍላል፣ በጃኬት 2,550። ሃምሳ የሚያዝ 103,500፣ በጃኬት 2,070፣ ከድሮው ዋጋ እንኳ ያነሰ። መጀመሪያ የመጣው የሆቴል ሰው መስመሯን አይቶ «ይቺ 6,000 ደግሞ ምንድን ናት፣ ቀንሺልኝ እንጂ» አላት። ጥልፍ ማሽኑ ጋ ወሰደችውና የጥልፏ ልጅ ክር ስትቀይር አሳየችው። ሰውየው ትንሽ ቆሞ አየና ስልኩን አውጥቶ ከሐረጎ ዳገት በላይ ደሴ ላለው ወንድሙ ደወለ። ወንድሙም ሆቴል አለው። ዓርማቸው አንድ ነው፣ የሚቀየር ክር የለም። ከሰዓት በኋላ የሠላሳ ጃኬት ትዕዛዝ ጻፉ።